ሽኝት፣ ሰባት ኪሎሜትር

መመሪያውን እንድጽፍ የታዘዝኩት አንዱ ቫን ጎኑ ተልጦ ስለተገኘ ነው። ከኋላው በር እስከ ፊት ጎማው ድረስ በሚስማር የተሰመረ ይመስል ነበር። በዚያ ሳምንት አምስት ሰው ነድቶታል፤ አምስቱም «እኔ ስረከበው እንደዚሁ ነበር» አሉ። ሲረከብም ሆነ ሲያስረክብ አንድ ቃል የጻፈ አልነበረም። ቁልፎቹ የሚቀመጡት እጀታው በተሰበረ ኩባያ ውስጥ ነበር፤ የፈለገ እጁን ከትቶ ያወጣል።

የምሠራው ኦስሎ፣ አንድ የጽዳት ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሮአችን ቢየርቪካ፣ ከአንድ የመስታወት ሕንፃ ሥር፣ መኪና በሚቆምበት ምድር ቤት ነው። ከላይ ያሉት ሰዎች ባሕሩን እያዩ ይሠራሉ፤ እኛ የአየር ማስወጫ ቱቦ እያየን እንሠራለን። አራት መኪና አለን። ሦስቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ቫኖች ናቸው፣ አራተኛው አሮጌ ናፍጣ ነው። እኔ ማን የት ሄዶ እንደሚያጸዳ ፕላን አወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ራሴ ሳጸዳ ቆይቼ ወገቤ እምቢ ሲል ነው ወደ ወንበር ያመጡኝ።

አለቃዬን ሁላችንም በኖርዌይኛው ቃል ሼፏ እንላታለን። ከእኔ በሃያ ዓመት የምታንስ፣ ፈጣን፣ ደግ ኖርዌያዊት ናት። ያን ቀን በሬ ላይ ቆማ፣ «አንቺ አገርሽ እያለሽ ከመኪና ጋር የተያያዘ ሥራ ነበረሽ አይደል?» አለችኝ።

«ያ» አልኳት፣ እንደነሱ «አዎ» ለማለት። «ስምሪት ክፍል ነበርኩ።»

ስምሪት የሚለውን ቃል ወደ ኖርዌይኛ ለመመለስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ፈጀብኝ። ስጨርስ፣ «እንግዲያው የተሽከርካሪ መመሪያ አንቺ ጻፊልን» አለች። ማን ይነዳል፣ ምን ይመዘግባል፣ ነዳጅ እንዴት ይያዛል፣ ያጠፋ ምን ይሆናል። ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ፈገግ ስል ራሴን ያዝኩት። በዚህ አገር ስኖር «የምታውቂውን ንገሪን» ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

አዲስ አበባ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ያለ እኔ ፊርማ መኪና ከግቢ አይወጣም ነበር። ሹፌሮቹ «ቆጣሪዋ» የሚል ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ለመስክ ወጥቶ ሽንኩርት ጭኖ የሚመለሰውን፣ «ጎማ ፈንድቶብኝ» ብሎ የአክስቱን ሠርግ አድምቆ የሚመጣውን፣ ሁሉንም በኪሎሜትር ንባቡ እይዘው ነበር። ጥርሴን የነቀልኩት የጉዞ መመዝገቢያው ሎግ ቡክ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው ይዋሻል፣ ቆጣሪ ግን አፍ ስለሌለው አይከራከርም። በዚህ ጠባዬ ወዳጅ አላፈራሁም፤ ያኔ ግን ግድ አልነበረኝም፣ ቤቴ ሙሉ ነበር።

አሁን ቤቴ ትሮስተሩድ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከልጄ አባት ከተለያየን ቆየን። ልጄ በርገን ትማራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ ግማሹን በኖርዌይኛ። ቢሮ ውስጥ የማነጋግረው «ታምሜአለሁ፣ ዛሬ አልመጣም» የሚል ስልክ ነው። አንዳንድ ቅዳሜ የራሴን ድምፅ የምሰማው ሱቅ ገብቼ «ከረጢት አልፈልግም» ስል ብቻ ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ዓርብ ለምን ዓርብ እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል በአንድ ቀን ጨረስኩት። ማን መንዳት ይችላል? የጸና መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ዋናውን አምጥቶ ያሳየ፣ በየስድስት ወሩም ደግሞ የሚያሳይ። ፈቃዱን የተነጠቀ በዚያው ቀን የሚያሳውቅ። አዲስ ሠራተኛ ከነባር ጋር ሁለት ጊዜ ሳይነዳ ቁልፍ አይሰጠውም። ቁልፍ ከስሙና ከፊርማው ጋር ካልሆነ ከሳጥን አይወጣም። ለቤተሰብ፣ ለጓደኛ፣ ለማንም መሪ አይለቀቅም። እጄ ሞቀልኝ፤ የድሮዋ ሴትዮ ከተቀበረችበት ተነሥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። እንዲህም ብዬ ጻፍኩ፦ «በሥራ ላይ ካለ የድርጅቱ ሠራተኛ በቀር ተሳፋሪ መጫን የተከለከለ ነው። ከተመደበው መንገድ መውጣት እንደ ግል አገልግሎት ይቆጠራል።» ነጥቡን አሳመርኩና ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው። ኮቴን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንሥቼ፣ ወደ ናፍጣው ቫን ሄድኩ።

ሹፌሩን «ጋሼ» ነው የምላቸው። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አገር ቤት እያሉ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ ይነዱ ነበር። ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ቬስትሊ ይኖራሉ። ዓርብ ከሰዓት የሳምንቱን ቆሻሻ መወልወያ በከረጢት ጭነው አልና ሰፈር ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ይወስዳሉ፣ የታጠበውን ይዘው ወደ ቢየርቪካ ይመለሳሉ። ባለፈው ጃንዋሪ በረዶው ላይ ወድቄ ጉልበቴ ሲያብጥ፣ ወደ ምድር ባቡሩ እያነከስኩ ስሄድ አዩኝና መስኮት አውርደው፣ «እህት ዓለም፣ ግቢ እንጂ! እግርሽን ልትጨርሺው ነው?» አሉኝ። ከማጠቢያው እኔ ቤት ድረስ ሦስት ኪሎሜትር ተኩል ነው፤ ደርሶ መልስ ሰባት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሁሉ እንዲያ ሆነ።

ቫኑ ውስጥ እርጥብ መወልወያ ይሸታል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል፤ እንግዳ ነገር ነው፣ ግን ያስደስተኛል። ጋሼ መንገድ ሠሪዎቹን ይራገማሉ፣ አዋሽ ላይ ሦስት ቀን ስለቆመባቸው ተሳቢ ይተርካሉ፣ እኔ ስለ ሕመምተኞቼ፣ ማለትም ሰኞ ሰኞ ብቻ ስለሚታመሙት፣ እነግራቸዋለሁ። እስቃለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በራሴ ቋንቋ፣ አርባ ደቂቃ ያህል እስቃለሁ። ደጄ ስንደርስ ወዲያው አይሄዱም። ሞተሩን አጥፍተው ይጠብቃሉ። እኔ ደረጃውን ወጥቼ፣ ቤቴን ከፍቼ፣ የወጥ ቤቱን መብራት ሳበራ ያኔ ተነሥተው ይሄዳሉ። «ምን ያስጠብቅዎታል?» ስላቸው፣ «ሽኝት በር ላይ ጥሎ መሄድ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰው ሌላ ነገር ሊያስብ እንደሚችል አውቃለሁ። አልነበረም። የነበረው ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ከታች ቆሞ መብራቴን ያያል።

ያን ዓርብ ግን ስለጻፍኩት መስመር ምንም ሳልነግራቸው ወረድኩ።

ሰኞ የአራቱን መኪና ሎግ ቡክ ሰበሰብኩ፤ ኖርዌጂያኖቹ ሾሬቡክ ይሉታል። ሁለተኛውን ክፍል ከመጻፌ በፊት ሰው እንዴት እየሞላ እንደሆነ ማየት ነበረብኝ። አንዱ የወሩን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ትንፋሽ ጽፎታል። በሌላው ላይ ቆጣሪው ከማክሰኞ እስከ ረቡዕ ወደ ኋላ ሄዷል። አንዱ «የጉዞ ዓላማ» በሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ሥራ፣ ሥራ፣ ሥራ» ብሏል። እየሳቅሁ የጋሼን ከፈትኩ። አቤት ንጽሕና! ቀን፣ መነሻ ቆጣሪ፣ መድረሻ ቆጣሪ፣ ከየት ወዴት፣ ዓላማ ወይም ደንበኛ፣ ፊርማ። እያንዳንዱ ጉዞ በየራሱ መስመር፣ በዕለቱ። የአገሬ ሹፌር፣ አልኩ በልቤ፣ ኮራሁባቸው።

ከዚያ ዓርቦቹን አየሁ። ከማጠቢያው መስመር በታች ለብቻው ሌላ መስመር አለ። ከማጠቢያ ወደ ትሮስተሩድና መልስ። ሰባት ኪሎሜትር። በዓላማው ዓምድ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትልቁ፣ «SHIGNIT» ብለው ጽፈዋል፤ ሽኝት።

ደብተሩን ዘጋሁትና ደግሜ ከፈትኩት። ከጃንዋሪ ጀምሮ አንድም ዓርብ አልተዘለለም፤ የፈቃድ ሳምንቶቻቸው ብቻ ባዶ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። የእኔ ሹፌሮች ሽንኩርቱን ደብቀው ነበር የሚጽፉት። ጋሼ ግን ቆጣሪው የቆጠረውን ሁሉ መጻፍ አለብኝ ብለው፣ ለሚያስጠይቃቸው ነገር ስም ሰጥተው፣ ፈርመውበታል። የኖርዌይኛ ቃል ስላጡለት ባለው ቃል ጻፉት። እውነቴን ነው፣ እኔም ብሆን አላገኝለትም። ማድረስ አይደለም፣ እቃ ነው የሚደርሰው። መሸኘት ሌላ ነው።

ደብተሮቹን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ ምሳ ወጣሁ። ስመለስ ሼፏ የጋሼን ይዛ ቆማ አገኘኋት።

«ሺግኒት ማነው?» አለችኝ።

«ምን?»

«ሺግኒት። ትሮስተሩድ ያለ ደንበኛ ነው መሰለኝ። ዓመቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ እንሄዳለን፤ ውል ግን የለም። የደንበኞቹን ዝርዝር ሁለት ጊዜ ፈለግሁ። ሳንዋዋል እያገለገልነው ይሆን?»

ሳቄ መጣ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ደንበኛዋ እኔ ነኝ፣ ፊት ለፊትሽ ቆሜአለሁ ማለት ነበረብኝ። «አጣራለሁ» አልኳት። እኔ፣ ቆጣሪዋ፣ አጣራለሁ አልኩ። አመስግናኝ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ፊቴ ሲግል ዋለ።

መጻፉ ግን አይቀርም። የሎግ ቡኩን ግዴታ ጻፍኩ፤ ጉዞው ባለቀበት ቀን ይሞላል፣ ከመረከብ በፊት መኪናው ዙሪያውን ይታያል፣ የተገኘው ጭረት ይጻፋል፣ ዓላማ የሚለው ዓምድ ባዶ አይሆንም፣ «ሥራ» ብቻ ማለትም አይበቃም። በየወሩ መጨረሻ አንድ ተቆጣጣሪ ደብተሮቹን አይቶ ይፈርማል፣ የሥራ ዓላማ የሌለው መስመር ካገኘ አሽከርካሪውን ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው እኔ እንድሆን ሼፏ ወሰነች። የነዳጁንም ጻፍኩ። የነዳጅ መግዣ ካርዱ የመኪናው እንጂ የሰው አይደለም፤ የሚስጥር ቁጥሩ ካርዱ ላይ አይጻፍም፣ ይህን ያልኩት አንዱ በእስክሪብቶ ጽፎት ስላየሁ ነው። ሲቀዳ የቆጣሪው ንባብ ይገባል፣ ደረሰኙ በመኪናው ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል፣ በወሩ መጨረሻ ሊትሩ ከተነዳው ርቀት ጋር ይመሳከራል። የኤሌክትሪኮቹ ባትሪ ቢሮ ይሞላል፤ ውጭ የሚሞላው ባትሪው ካላደረሰ ብቻ ነው። የትሮስተሩድን መንገድ በናፍጣ አሰብኩት። በየዓርቡ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ድሮ አዲስ አበባ ሹፌሮቹ «እቴ፣ ለዚች ለአንድ ሊትር?» ሲሉኝ ምን እመልስ እንደነበር ትዝ አለኝና ማስታወሱን ተውኩት።

ሐሙስ ከሠራተኞቹ ተወካይ ጋር ተሰበሰብን። ተወካይዋ ፖላንዳዊት ናት፣ እንደኔ ስታጸዳ የኖረች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት። የቅጣቱን ክፍል አነበብኩላቸው። «ያጠፋ ሰው የጉዳቱ ዋጋ ከደመወዙ ይቆረጣል» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሣች።

«ናይ፣ አይሆንም። እዚህ አገር አሠሪ ዝም ብሎ ከደመወዝ አይቆርጥም። አስቀድሞ በጽሑፍ ስምምነት ካልኖረ አይሆንም። ያ ይሰረዝ።»

ሰረዝኩ። ጂፒኤስ እንግጠም ያለችው ሼፏ ነበረች፤ ተወካይዋ ለምን እንደሚገጠም በጽሑፍ ይቀመጥ፣ መጀመሪያም ከእኛ ጋር ይመከርበት፣ ሰው ስንት ደቂቃ እንደቆመ ለመሰለል አይውልም አለች። ለጊዜው በወረቀቱ እንቀጥል ተባለ። ቅጣቱም ደረጃ በደረጃ ሆነ። መጀመሪያ አፍ ለአፍ ንግግር፣ ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ቁልፍ መነጠቅ። ጠጥቶ የነዳ፣ በድርጅቱ ካርድ የራሱን መኪና የሞላ ከሥራ እስከ መሰናበት ሊደርስ ይችላል፤ ያኔም ተወካዩ ባለበት ስብሰባ ተጠርቶ ሳይነጋገሩ አይወሰንም። ለጋሼ ቁልፍ መነጠቅ ማለት ሥራ ማጣት ማለት ነው። ሌላ ሥራ የላቸውም፤ የሚያውቁት መንዳት ነው።

ልንነሣ ስንል ተወካይዋ ወረቀቱን መታ መታ አድርጋ፣ «ይህ የግል አገልግሎት የሚለው ለሁሉም እኩል ነው አይደል?» አለች። «ባለፈው ዓመት ሶፋ ላጓጉዝ ቫኑን ለምኜ ከለከላችሁኝ። ትክክል ነበራችሁ። ግን ለሁሉም እኩል ይሁን።»

«እኩል ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ተሰማኝ።

ከስብሰባው በኋላ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቀዳዳ መሥራት ጀመርኩ። አላፍርም፣ ልናገር። «ሠራተኛን በመንገድ ላይ ማድረስ ይፈቀዳል» ብዬ ጻፍኩ። ትሮስተሩድ መንገድ ላይ አይደለም። «በመንገዱ አቅራቢያ» አልኩት። አቅራቢያ ስንት ነው? «እስከ አራት ኪሎሜትር» አልኩ። ሦስት ተኩል ነዋ። ያን ቁጥር ሳየው ራሴን አየሁት። አገር ቤት የአለቃው ሚስት ገበያ የምትሄድበት አንቀጽ እንዲሁ ነበር የተጻፈው፤ ለአንድ ሰው ልክ ተሰፍቶ «ለሁሉም» የተባለ። ያን አንቀጽ ያሰረዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ስድስት ወር ያህል ሰላምታ ተነፍጌበታለሁ። የራሴን መስመር አጠፋሁት። ተነሥቼም ወደ ሼፏ ቢሮ ሄድኩ።

«ሺግኒት እኔ ነኝ» አልኳት።

ሁሉን ነገርኳት። ቃሉን አስረዳኋት፤ እንግዳ ሲወጣ አብሮ ወጥቶ ጥቂት መንገድ መሄድ፣ ብቻውን አለመልቀቅ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ደንበኛ ብላ መፈለጓ አሳቃት። ከዚያ ሳቋ ቆመና፣ «ዓመት ሙሉ? ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። መመሪያው ገና ስላልጸና ማንም እንደማይጠየቅ፣ ከዲሴምበር አንድ ጀምሮ ግን መቆም እንዳለበት ነገረችኝ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ።

«ቆይ። ጉልበትሽ አይደል? የሐኪም ወረቀት አምጪና ለአንቺ ለብቻ ልዩ ፈቃድ እንጻፍ። ይህማ ሕጋዊ ነው።»

ደግ ናት ብያችኋለሁ። እዚያ ቆሜ ያቀረበችልኝን አየሁት። አንድ ወረቀት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

«ጉልበቴ ድኗል» አልኳት። «ከጁን ጀምሮ።»

እውነቱ ይህ ነው። ከጁን ጀምሮ ምንም አላመመኝም። ሰኞም ማክሰኞም ደህና እራመዳለሁ፣ ዓርብ ከሰዓት ወደ ናፍጣው ቫን ስሄድ ግን ጥቂት አነክስ ነበር። በዚያ ደብተር ውስጥ ያለው ዓላማ ሁሉ እውነት ነው፤ የእኔ ማንከስ ብቻ ነው ሐሰት። ስንት ሹፌር ያስቀጣሁ ሴት፣ አንካሳ መስዬ አርባ ደቂቃ ጨዋታ ስሰርቅ ነበር። ይህን ለጋሼ መንገር ከሁሉ ከበደኝ።

መመሪያውን ሁሉም ሹፌር አንብቦ መፈረም አለበት። ጋሼ በኖቬምበር መጨረሻ፣ በአዘቦት ቀን፣ መነጽራቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ደህና ኖርዌይኛ ያነባሉ፣ ግን ቀስ ብለው ነው። አንድ ቦታ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼ ሽኝቱ ነው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ። የግል አገልግሎት ነው የሚባለው።»

«የግል» አሉ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እንደገና አስኬዱ። «ያ፣ ያ። የግልስ የግል ነው። እኔ በሥራ ዓምድ ውስጥ መጻፌ ነው ጥፋቱ።»

«ጥፋት የለብዎትም። ይልቅ እኔ ነኝ...» አልኩና ጠረጴዛውን እያየሁ ጨረስኩት፣ «ጉልበቴ ከዳነ ቆየ፣ ጋሼ። ከበደኝና ሳልነግርዎት ቀረሁ።»

ፈረሙ። ብዕሩን ከደኑት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ጃንዋሪ ላይ መብራትሽ እስኪበራ ሁለት ዘፈን እሰማ ነበር። ከጁን ወዲህ አንዱም ሳያልቅ ይበራል። ያመመው ጉልበት ሦስት ፎቅ በሩጫ አይወጣም፣ እህት ዓለም።»

ይህን ብለው ወጡ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ግማሽ ዓመት ያህል ቆጣሪዬን ሲያነቡ ኖረዋል፤ ውሸቴን አውቀው፣ አንድ ቀን ሳይዘሉ፣ ሰባት ኪሎሜትር እያሉ ጽፈዋል።

ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ለምን አትገናኙም የሚል ይኖራል። እሳቸው ዓርብ ሥራ ጨርሰው ወደ ሚስትና ልጆቻቸው ይሄዳሉ፣ እንደሚገባ። እኔስ ምን ብዬ ልጥራቸው? በቀጠሮ የሚጠራ ሰውና መንገድ ላይ አብሮ የሚስቅ ሰው አንድ አይደሉም። ያ ነገር ቫን ውስጥ፣ ከመወልወያ ከረጢቶቹ ጋር ብቻ የሚኖር ነገር ነበር።

በዲሴምበር የመጀመሪያው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮቴን ለበስኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፌን ይዟል፣ እግሬ ደግሞ ወደ ለመደበት ሄደ። ጋሼ የመጨረሻውን ከረጢት ጭነው በሩን ሲዘጉ አዩኝና ደነገጡ።

«ምነው? አልተፈቀደም እኮ።»

«አልገባም» አልኳቸው። «ልሸኝዎት ነው።»

«እስከ የት?»

«እስከ በሩ።»

ሳቁ። ቫኑን በእርምጃዬ ልክ ቀስ እያደረጉ ነዱት፣ እኔ በመስኮታቸው በኩል ከጎን እየሄድኩ ዳገቱን ወጣን። ስለ አየሩ አወራን፣ ሌላ ወሬ የሚበቃ መንገድ አልነበረም። የጋራዡ በር ተከፈተ፣ ውጭው ጨልሟል፣ እርጥብ በረዶ ይጥላል። እጃቸውን አነሡ። የቫኑ የኋላ ቀይ መብራት እስኪታጠፍ ቆምኩና ወደ ባቡሩ ሄድኩ። ቤቴ ስገባ የወጥ ቤቱን መብራት አበራሁ፣ በልማድ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ታች የጎረቤት መኪና በረዶ ለብሶ ቆሟል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

በወሩ መጨረሻ፣ መመሪያው በሚያዘው መሠረት፣ ሎግ ቡኮቹን ሰበሰብኩ። ሰዉ አድጓል፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ የሄደበት የለም፣ አንድ ሰው የመስታወት ጭረት ሳይቀር ጽፏል። ሊትሩን ከርቀቱ ጋር አመሳከርኩ፣ ልክ ነው። የጋሼን ለመጨረሻ አስቀረሁት። ዓርብ፣ ከቢየርቪካ ወደ ማጠቢያ፣ ደርሶ መልስ። ከሥሩ ግን ለብቻው ሌላ መስመር አለ። ከጋራዥ እስከ በር። መነሻ ቆጣሪና መድረሻ ቆጣሪ አንድ ቁጥር። ርቀት፣ ዜሮ። ዓላማ፣ ሽኝት። በቀጣዮቹ ዓርቦችም እንደዚሁ፤ ሁልጊዜ ወጥቼ ነበርና።

የሥራ ዓላማ የሌለው መስመር ካገኘ አሽከርካሪውን ይጠይቃል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብዕሬን አነሣሁ፣ ምንም ሳልጠይቅ ከሥሩ ፈረምኩ።